ካምፕ ውስጥ አካል ጉዳተኞች እርዳታው እንዲደርሳቸው ምን ይደረግ? ከድንኳኑ በር እስከ ሬሽኑና እስከ ሽንት ቤቱ

የተፈናቃዮች ካምፕ ውስጥ አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው እርዳታ ሳያገኝ የሚቀረው ብዙ ጊዜ እቃ ስለጠፋ አይደለም። እህሉ መጥቷል፣ ሽንት ቤቱም ተቆፍሯል፣ ችግሩ ያለው ከሱ ድንኳን እስከዛ ባለው መንገድ ላይ ነው። የድንኳን ገመድ፣ የጎርፍ ቦይ፣ ለሱ ማንም ያልነገረው የእደላ ቀን፣ ሰው የማያነሳው ጆንያ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር... ከነዚህ አንዷ ካልተነካች የሌላው ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው፣ ምክንያቱም መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው።

ደግሞ ምግቡና ሽንት ቤቱ ሁለት የተለያዩ ፕሮጀክቶች ይመስሉናል፣ በወረቀት ላይም የሚሰሩት የተለያዩ ቡድኖች ናቸው፣ ግን ሽንት ቤት በራሱ መድረስ የማይችል ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ውሃ መጠጣት ይቀንሳል፣ ማታ ማታ አይበላም፣ ሰው እንዳያስቸግር ብሎ። ከዛ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ድካም ይከተላል። ስለዚህ ሬሽኑን በደንብ አድርሰን ሽንት ቤቱን ካበላሸን ሬሽኑም አልተበላም ማለት ነው። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ለማስረዳት እንዲመቸን አንድ ቤተሰብ እናስብ። ዊልቸር የምትጠቀም እናት፣ ሶስት ልጆቿ፣ እና መስማት የተሳናቸው አዛውንት አባቷ፣ ባጠቃላይ 5 ሰው። እስከ መጨረሻው ከነሱ ጋር እንሄዳለን።

መጀመሪያ ሰዎቹን ማግኘት

ብዙ ጊዜ ምዝገባ ላይ መዝጋቢው የቤተሰቡን ኃላፊ "ቤታችሁ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?" ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱም "የለም" ነው፣ በቃ ተጻፈ። ለምን የለም ይላል? አንዳንዱ ስለሚያፍር ነው፣ አንዳንዱ ልጁን ስለደበቀ ነው፣ አብዛኛው ግን የእናቱ አይን መድከም ወይ የአባቱ ጆሮ ያለመስማት እርጅና እንጂ አካል ጉዳት አይመስለውም። የኛ አዛውንትም በዚህ ጥያቄ ቢሆን አይመዘገቡም ነበር።

ስለዚህ አካል ጉዳት የሚለውን ቃል ጭራሽ ትቶ ስለ ስራው መጠየቅ ነው። ለዚህ የተዘጋጀ የዋሽንግተን ግሩፕ አጭር መጠይቅ የሚባል ነገር አለ፣ 6 ጥያቄ ብቻ ነው። መነጽር ቢያደርጉም እንኳ ለማየት ይቸገራሉ? የመስሚያ መሳሪያ ቢያደርጉም ለመስማት ይቸገራሉ? ለመራመድ ወይ ደረጃ ለመውጣት ይቸገራሉ? ለማስታወስ ወይ ሀሳብ ለመሰብሰብስ? ገላ ለመታጠብና ለመልበስስ? በራስዎ ቋንቋ ሰው ለማስረዳት ወይ ሰው የሚለውን ለመረዳትስ? መልሱ አራት አይነት ነው፦ ምንም አልቸገርም፣ ትንሽ እቸገራለሁ፣ በጣም እቸገራለሁ፣ ጭራሽ አልችልም። ከስድስቱ ባንዱ ላይ እንኳን "በጣም እቸገራለሁ" ወይ "ጭራሽ አልችልም" ያለ ሰው ይመዘገባል። አዎና አይደለም ብቻ ብላችሁ ካሳጠራችሁት ግን ይበላሻል፣ አራቱ መልሶች አንድ በአንድ ጮክ ተብለው መነበብ አለባቸው።

ጥያቄው ለእያንዳንዱ ሰው ነው እንጂ ለቤተሰቡ ባንዴ አይጠየቅም። ራሱ መመለስ የሚችል ሰው ራሱ ይመልስ። ከ5 አመት በታች ላሉ ህጻናት ይሄ መጠይቅ አይሰራም፣ ለልጆች የተዘጋጀ ሌላ ሞጁል አለ። የአእምሮ ጤና ችግርንም በደንብ አይዝም፣ ስለዚህ ከማህበራዊ ሰራተኞችና ከጤና ጣቢያው የሚመጣውን መረጃ መደመር ያስፈልጋል።

ቁጥሩ ትክክል መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? የአለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ግምት ከአለም ህዝብ 16 ከመቶው ከባድ የሚባል የአካል ጉዳት አለበት። ካምፕ ውስጥ ደግሞ ጦርነት ወይ የመሬት መንቀጥቀጥ የጎዳው ሰው ይጨመራል። እናንተ ጋር ያለው ሊስት 1 ወይ 2 ከመቶ ካሳየ "ጉድ ነው፣ የኛ ካምፕ ጤነኛ ነው" ከማለት በፊት መዝጋቢዎቹ እንዴት እንደጠየቁ ሄዳችሁ ስሙ። ከዛ ከድንኳን ድንኳን መዞር ነው፣ ያውም ከተፈናቃዮቹ መሀል አካል ጉዳተኛ ከሆነ ሰው ጋር፣ ምክንያቱም ልጁን የደበቀ ቤተሰብ ለሱ በሩን ይከፍትለታል፣ ሞተር ሳይክል ይዞ ለመጣ ኦፊሰር ግን አይከፍትም።

መንገዱን አብሮ መሄድ፣ ሜትር ይዞ

ሊስቱ ከተያዘ በኋላ ዲዛይን ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ስጡት። ዊልቸር የሚጠቀም አንድ ሰው፣ ማየት የተሳነው አንድ ሰው፣ መስማት የተሳነው አንድ ሰው፣ ከቻላችሁ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ያላት አንዲት እናት ይዛችሁ ከድንኳናቸው በር እስከ ውሃው፣ እስከ እህል ማደያው፣ እስከ ሽንት ቤቱ አብራችሁ ሂዱ። ለጊዜያቸው የሚከፈል ነገር ካለ ክፈሉ፣ ሌላው ኮንሰልታንት እየተከፈለው እነሱ በነጻ የሚለፉበት ምክንያት አይታየኝም።

የኛን እናት ድንኳን እንውሰድ። በሩ ላይ ሸራው መሬት ላይ ተነስቶ የተሰፋ ነው፣ ውሃ እንዳይገባ ተብሎ፣ ቁመቱ 15 ሴንቲ። ዊልቸሩ እዛው በሩ ላይ ቆመ። እሱን አንስተን አሳለፍናት፣ የጎረቤት ድንኳን ገመድ መንገዱን ያቋርጣል። ገመዱን አለፍን፣ 40 ሴንቲ ስፋት ያለው የጎርፍ ቦይ አለ፣ ሰው ይዘለዋል፣ ጎማ አይዘለውም። ከዛ ጠጠር ፈሰስ ተደርጎበታል፣ የዊልቸሩ ትናንሽ የፊት ጎማዎች ውስጡ ይሰምጣሉ። እዚህ ድረስ ገና 30 ሜትር አልሄድንም።

እያንዳንዱን መሰናክል ከነልኩ ጻፉትና ከጎኑ የሚያስተካክለውን ሰው ጻፉ። አብዛኛው ርካሽ ነው። ሸራው በሚጠቀለል መዝጊያ ይቀየራል ወይም በሩ ላይ ከሁለቱም በኩል አፈር ተደልድሎ ይጠቀጠቃል፣ ገመዱ ላይ ደማቅ ጨርቅ ይታሰርና ካስማው ወደ ጎን ይዞራል፣ ቦዩ ላይ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው ጣውላ ጎንና ጎኑ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ጠርዝ ተደርጎለት ይጋደማል፣ ጠጠሩ ላይ ደግሞ ቀይ አፈር ወይ ሸክላማ አፈር ፈሶ ውሃ ተረጭቶ በደንብ ይደመደማል። ማየት ለተሳናቸው የመንገዱ አንድ ጠርዝ ላይ በድንጋይ ወይ በገመድ መስመር ይሰራ፣ በትሩ የሚከተለው ነገር ያገኛል።

ድንኳኑ የት ይተከል?

ይሄ ላይ ትልቁ ስህተት አካል ጉዳተኞችን ለብቻ አንድ ብሎክ ማድረግ ነው። ለአስተዳደር ይመቻል፣ ለጉብኝትም ያምራል፣ ዶነር ሲመጣ አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ይታያል። ሰዎቹ ግን ከዘመድና ከጎረቤት ይለያሉ፣ ማታ ሲታመም የሚጮህለት ሰው የለም፣ ዘራፊም ቢመጣ የት እንደሚሄድ ያውቃል። ስለዚህ ቤተሰቡ ከሚያውቃቸው ሰዎች መሀል ሆኖ እዛው ብሎክ ውስጥ የተሻለውን ቦታ ያግኝ፦ ደልዳላ፣ ጎርፍ የማይተኛበት፣ ለሽንት ቤትና ለውሃ ቅርብ።

ምን ያህል ቅርብ? ስፌር የሚባለው አለም አቀፍ የሰብአዊ እርዳታ መስፈርት ሽንት ቤት ከመኖሪያ 50 ሜትር እንዳይርቅ ይላል፣ ያ ግን ለሁሉም ሰው የተቀመጠ ጣሪያ ነው። በክራንች ለሚሄድ ሰው በጭቃ 50 ሜትር ብዙ ነው፣ ከተቻለ 15 ወይ 20 ሜትር ላይ አድርጉት። በጣም አጠገቡ ደግሞ ሽታው አያስቀምጥም፣ ዝንቡም አለ።

ቦታው ስፋትም ይፈልጋል። ስፌር ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቦታ ይላል፣ ለ5 ሰው 17.5 ካሬ ማለት ነው። ግን ያ ስሌት ውስጥ ዊልቸር የለም፣ ዊልቸር ድንኳኑ ውስጥ ለመዞር ብቻ 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ለዚህ ቤተሰብ ወይ ትልቁን ድንኳን መስጠት ወይ ከፊቱ በሸራ ተጨማሪ ጥላ መቀጠል ነው። መሬት ላይ የሚነጠፍ ፍራሽ ለሷ አይሆንም፣ ከዊልቸር ወደ መሬት መውረድ ትችል ይሆናል መውጣቱ ግን ሰው ይፈልጋል። በዊልቸሩ መቀመጫ ከፍታ ልክ ማለትም ከ45 እስከ 50 ሴንቲ የሚሆን አልጋ በጣውላ ቢሰራላት ራሷ ትወጣለች ራሷ ትወርዳለች።

የእህል እደላ

እዚህ ላይ መንገዱ ከአንድ ሳምንት በፊት ነው የሚጀምረው፣ ማለትም ወሬው ሲነገር። በሜጋፎን ብቻ ከተለፈፈ አዛውንቱ አይሰሙም፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ከተለጠፈ ማየት የተሳነው ሰው አያነበውም። ቢያንስ በሁለት መንገድ ይነገር፣ አንዱ በጆሮ አንዱ በአይን። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ስእል ይሰራል፣ የጆንያ ስእልና ስንት መስፈሪያ እንደሚደርሰው። አንዳንድ ቦታ የእደላ ቀን ባንዲራ ይሰቀላል፣ ቀለሙ ከታወቀ በጣም ጥሩ ነው። በሊስቱ ላይ ላሉት ግን የብሎክ ተወካዩ ድንኳናቸው ድረስ ሄዶ ይንገራቸው፣ ሌላውን ሁሉ ሞክራችሁ ይሄን ከተዋችሁት አልነገራችሁም ማለት ነው።

ቀጥሎ ወረፋው። ለየት ያለ መስመር ይኑር፣ ጥላና አግዳሚ ያለው፣ ውሃና ሽንት ቤት አጠገቡ። በሰው ብዛት መጨናነቅ እንዳይኖር የሚሰራው የእንጨት ኮሪደር ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፣ ዊልቸር አያሳልፍም። ያንዱን መስመር ስፋት 90 ሴንቲ ወይ ከዛ በላይ አድርጉት። የተለየ መስመር ሲኖር ሌላው ሰው "ለምን እነሱ ይቀድማሉ" ብሎ ይጮሃል፣ ስለዚህ ከቀኑ በፊት ለሁሉም በግልጽ ይነገር፣ ማን በዛ መስመር እንደሚገባም ካርዱ ላይ ምልክት ይኑረው። ምልክቱ ትንሽ ኮድ ይሁን እንጂ "አካል ጉዳተኛ" ተብሎ በትልቁ አይጻፍ፣ ሰው ካርዱን ሲያሳይ ስለራሱ ጤና ለሰፈር እያወራ መሆን የለበትም።

አሻራ የሚወሰድበት ቦታ ላይ እጅ ወይ ጣት የሌለው ሰው፣ በስራ ብዛትም ጣቱ የተላጠ አዛውንት ማሽኑ አይቀበለውም። ያ ሰው ተመልሶ መሄድ የለበትም፣ ሌላ መንገድ አስቀድሞ ይታሰብ፦ የአይን ስካን፣ ፎቶ፣ ወይ በምስክር ማረጋገጥ። ካሽ በስልክ ወይ በካርድ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ማየት የተሳነው ሰው የሚስጥር ቁጥሩን ለሌላ ሰው ለመንገር ይገደዳል፣ ገንዘቡም እዛው ላይ ይጎድላል። ቁልፎቹ የሚዳሰሱ ማሽን ወይም ራሱ የመረጠው ወኪል ያስፈልገዋል።

አሁን ክብደቱ። ላንድ ሰው በቀን ወደ 2,100 ካሎሪ እንዲደርስ ለምሳሌ 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬ፣ 25 ግራም ዘይትና 50 ግራም አልሚ ዱቄት ይሰጣል እንበል። ለ5 ሰው ለ30 ቀን ስታባዙት 60 ኪሎ እህል፣ 9 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ወደ 4 ኪሎ ዘይትና 7 ኪሎ ተኩል ዱቄት ይሆናል፣ ባጠቃላይ 80 ኪሎ። ማደያው 800 ሜትር ይርቃል እንበል። ዊልቸር ላይ ያለች እናትና አዛውንት አባቷ 80 ኪሎ ይዘው 800 ሜትር እንዴት ይሄዳሉ? አይሄዱም። ያው ጎረቤት ይሸከምላቸዋል፣ ለሸከመበት ደግሞ ከእህሉ ይሰፈርለታል፣ ወር በወር እንዲህ እየሆነ በወረቀት ላይ ሙሉ ሬሽን የወሰደ ቤተሰብ ድንኳኑ ሲደርስ ጎዶሎ ነው። ይሄ ሌብነት ተብሎ ሪፖርት ስለማይደረግ አይታይም፣ ሰዎቹም የሰጡት ወደው ነው ይላሉ።

መፍትሄው ሶስት አይነት ነው፣ እንደ ካምፑ ሁኔታ ይመረጣል። አንደኛው ጆንያውን በ10 ወይ 15 ኪሎ እሽግ ማድረግና በየ2 ሳምንቱ ማደል ነው፣ ያኔ ሸክሙ ራሱ ይቀላል፣ ግን መምጣቱ ሁለት ጊዜ ይሆናል፣ ሩቅ ለሆነ ሰው ይሄ ይብሳል። ሁለተኛው ጋሪ መመደብና ገፊዎቹን ድርጅቱ መክፈል ነው፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፣ ገፊው ደሞዙን ከድርጅቱ ካገኘ ከእህሉ አይቀበልም፣ መቀበል ክልክል መሆኑም ለሁለቱም ወገን ይነገር። ሶስተኛው ወኪል ነው፦ ሰውየው ራሱ መርጦ አንድ ወይ ሁለት ሰው ያስመዘግባል፣ የወኪሉ ፎቶ ካርዱ ላይ ይሆናል፣ በፈለገ ጊዜ ይቀይረዋል። ወኪሉን የብሎክ ኃላፊው ከመረጠለት ግን ያ ውክልና አይደለም፣ ሬሽኑን ለሌላ ሰው ማስረከብ ነው።

ከእደላው በኋላ በ2 ወይ 3 ቀን ውስጥ ሚዛን ይዛችሁ ከሊስቱ ላይ ጥቂት ድንኳኖች ሂዱ፣ የቀረውን መዝኑ፣ የተበላውን ገምቱ። "ደረሰዎት?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሁሉም ደረሰኝ ይላል። "ማን ተሸከመው? ምን ሰጣችሁት?" ብላችሁ ጠይቁ። ማኘክ ወይ መዋጥ የሚቸግረው ልጅ ካለ ደግሞ እህሉ ቢደርስም አይበላውም፣ አልሚ ዱቄቱ ከፍ ብሎ እንዲሰጠውና እህሉ የሚፈጭበት ወጪ እንዲታሰብለት ከጤና ቡድኑ ጋር ተነጋገሩ።

ሽንት ቤቱ

መደበኛው ልክ ለ20 ሰው አንድ ነው፣ አደጋው በተከሰተ ሰሞን እስከ 50 ይደርሳል። ምቹ የሆኑት ሽንት ቤቶች አንድ ቦታ ተሰብስበው አይሰሩ፣ በየብሎኩ ይበተኑ፣ ከወንዱም ከሴቱም በኩል።

መጀመሪያ ከፍታው። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ወይ ጎርፍ ባለበት ቦታ ወለሉ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሰራል፣ የኛ ብሎክ ላይ 60 ሴንቲ ነው እንበል። መሀንዲሱ ራምፕ ማለትም ተዳፋት መወጣጫ ጨምር ሲባል 2 ሜትር ርዝመት ያለው ነገር ይሰራል፣ ያ ራምፕ ሳይሆን ሸርተቴ ነው። የሚሰራው ስሎፕ ከ1 ለ12 የማይብስ ነው፣ ማለትም ለ1 ሴንቲ ከፍታ 12 ሴንቲ ርዝመት፣ 60 ሲባዛ በ12፣ 7 ሜትር ከ20 ሆነ። በራስ እጅ ገፍቶ ለመውጣት የሚመቸው 1 ለ20 ነው፣ እሱ ደግሞ 12 ሜትር ይሆናል። ቦታ ከሌለ መሀሉ ላይ ማረፊያ ተደርጎ ይታጠፍ። ስፋቱ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20፣ ጎንና ጎኑ ላይ ጎማ እንዳያመልጥ ከፍ ያለ ጠርዝ፣ የእጅ መደገፊያ፣ ላዩ ላይ ሻካራ ልስን። ከታችና ከላይ 1.5 በ1.5 ሜትር ደልዳላ ቦታ ያስፈልጋል፣ የላዩን ብዙዎች ይረሱታል፣ በሩ ሲከፈት ዊልቸሩ ወደ ኋላ ማለት አለበት፣ ደልዳላው ከሌለ ወደ ራምፑ ይንሸራተታል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ራምፕ ሳይሰራም ይቻላል። በሩን ከላይኛው በኩል ካደረጋችሁት የወለሉ ከፍታና የመሬቱ ከፍታ ይገናኛሉ፣ ጉድጓዱ ወደ ታችኛው ጎን ይሆናል፣ ሲሚንቶውም ይቀራል። ይሄ የሚሆነው ግን ቦታ ሲመረጥ ከታሰበበት ነው፣ ከተቆፈረ በኋላ አይሆንም።

በሩ ንጹህ ክፍተቱ 90 ሴንቲ ይሁን፣ ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ ከተከፈተ ዊልቸሩ ከገባ በኋላ በሩ አይዘጋም፣ ሰውም ውስጥ ቢወድቅ በሩን ገፍቶ ማውጣት አይቻልም። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ የተቀመጠ ሰው እጁ አይደርስም፣ ስለዚህ በበሩ ውስጠኛ ፊት ላይ በወገብ ከፍታ አግድም እንጨት ወይ ገመድ ይደረግ፣ ይዞ ይስበዋል። መቀርቀሪያው ትልቅና በቡጢ የሚገፋ ይሁን፣ ጣት ለማያንቀሳቅስ ሰው።

ውስጡ ወደ 2 ሜትር በ1.8 ይሁን። መቀመጫው ከዊልቸሩ ልክ እኩል፣ 45 እስከ 50 ሴንቲ። ከመቀመጫው በአንድ ጎን 90 ሴንቲ ባዶ ቦታ ይተው፣ ዊልቸሩ እዛ ይቆምና ወደ ጎን ትሻገራለች። በሌላው ጎን ግድግዳው ላይ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ከፍታ ላይ መደገፊያ ብረት ይታሰር። ብረቱ የሚታሰረው ምሰሶ ላይ ነው፣ ሸራ ላይ ወይ ቆርቆሮ ላይ አይደለም። ከማስረከባችሁ በፊት ራሳችሁ ሙሉ ክብደታችሁን ተንጠልጠሉበት፣ ከተነቃነቀ ባይኖር ይሻላል፣ ሰው አምኖት ነው የሚወድቀው።

መቀመጫ ለሁሉም አይመችም። እየዳኸ የሚሄድ ሰው አለ፣ እሱ የሚፈልገው ዝቅ ያለ መያዣና ንጹህ ደረቅ ወለል ነው፣ እጁም ጉልበቱም መሬት ላይ ስለሆነ። ስለዚህ ተነቃይ መቀመጫ ብትሰሩ ጥሩ ነው፣ መሀሉ የተቀደደ የእንጨት ወንበር ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል፣ ያልፈለገው ያነሳዋል። ማየት ለተሳነው ደግሞ ከድንኳኑ እስከ በሩ ገመድ ተዘርግቶ መታጠፊያው ላይ ቋጠሮ ይደረግ፣ ያ ብቻውን ብዙ ነገር ይፈታል። እጅ መታጠቢያውም ቁጭ ብሎ የሚደረስበት ይሁን፣ ከስሩ ለጉልበት ቦታ ይተው። ማታ መብራት።

ለሊት ጭራሽ መውጣት ለማይችል ክዳን ያለው ባልዲና መሀሉ የተቀደደ ወንበር ድንኳኑ ውስጥ ይሰጥ፣ ከመጋረጃ ጋር። ሽንት መቆጣጠር ለማይችል ሰው ደግሞ የአዋቂ ዳይፐር ወይ የሚታጠብ ጨርቅ፣ ፍራሹን የሚሸፍን ፕላስቲክ፣ ተጨማሪ ሳሙናና ውሃ። 15 ሊትር ላንድ ሰው በቀን የሚለው ዝቅተኛ መጠን በየቀኑ አንሶላ ለሚያጥብ ቤት አይበቃም።

አሁን ዋናው ጣጣ፣ ቁልፉ። ምቹ የሆነው ሽንት ቤት ሰፊና ንጹህ ስለሆነ ሁሉም ሰው ይፈልገዋል፣ በሳምንቱ ይቆሽሻል። ያኔ ይቆለፍና ቁልፉ ጥበቃ ጋር ይቀመጣል፣ ጥበቃው ምሳ ሄዷል፣ እናትየው በሩ ላይ ትጠብቃለች። ከዛ ማንም ስለማይጠቀምበት መጥረጊያና ሲሚንቶ ማስቀመጫ ይሆናል። የተሻለው ለሁለት ወይ ሶስት የሚተዋወቁ ቤተሰቦች ሰጥቶ ቁልፉን እያንዳንዳቸው ጋር ማድረግ ነው፣ ማጽዳቱን ለማይችሉት ደግሞ እየተከፈለው የሚያጸዳ ሰው መመደብ። ማጽዳት ግዴታ ነው ተብሎ ተራ ካወጣችሁ ተራው ሲደርስባት የማትችለዋ እናት ሰው ታስቀይማለች፣ ከዛ ቁልፉን ራሷ ትመልሳለች።

ብሩና ክትትሉ

"በጀት የለም" ከተባላችሁ፣ ህንጻና ሽንት ቤት ከመጀመሪያው ምቹ ተደርጎ ሲሰራ የሚጨመረው ከ0.5 እስከ 1 ከመቶ ነው ተብሎ ይታቀዳል። የሚያስወጣው አፍርሶ መስራቱ ነው። መብቱም የተጻፈ ነው፣ በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 11 ስለ አደጋና ግጭት ጊዜ በግልጽ ይናገራል። ፕሮፖዛል ስትጽፉ ራምፑንና ጋሪ ገፊውን በራሳቸው መስመር ጻፉ፣ "ልዩ ልዩ" ውስጥ ካስገባችሁት መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

በወር አንዴ ዙሩ። ቁልፉ የት ነው? ራምፑ ላይ የጎማ ዱካ አለ ወይስ አቧራ ብቻ? መደገፊያው ይነቃነቃል? የኛ እናት ከማታ እራት በኋላ ውሃ ትጠጣለች? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይናገራል፣ ግን ሴት ሰራተኛ ትጠይቃት። የቅሬታ ሳጥኑ ከፍ ብሎ ከተሰቀለና መጻፍ የሚጠይቅ ከሆነ ከሊስቱ ላይ ካሉት ብዙዎቹ አይደርሱበትም፣ በአካል የሚሰማ ሰው መድቡ፣ ለአዛውንቱ ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ወይ ከቤተሰባቸው እሳቸው የመረጡትን።

ከመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ በኋላ ደግሞ ፕሮግራሙን አትጠብቁ፣ በማግስቱ ሂዱ። የራምፑ እግር ስር ያለው አፈር ታጥቦ ይሄድና ሲሚንቶው ከመሬት በ10 ሴንቲ ተነስቶ ይቀራል፣ ለእግረኛ ምንም አይደለም፣ ለዊልቸር ግን ግድግዳ ነው። አንድ ጋሪ ድንጋይና አፈር ይበቃዋል፣ ከጎኑም ውሃውን የሚያሻግር ትንሽ ቦይ ካልተቀደደ በሚቀጥለው ዝናብ ያው ይደገማል።